ከእድራችን ሂሳብ ላይ የተቆረጠው 575 ብር፦ ከጅማ የተመዘገበ የጉዳይ ጥናት

## መነሻ

በጅማ ከተማ የአንድ ሰፈር እድር ኦዲት ኮሚቴ አባል ነኝ። በ2017 ዓ.ም. የበጀት ዓመት መዝጊያ ላይ ከእድሩ የባንክ ሂሳብ ያልጠበቅነው ክፍያ ተቆርጦ አገኘን። ገንዘቡ ትንሽ ነበር። ሆኖም የእድር ገንዘብ የለቅሶ ቀን ገንዘብ ስለሆነ፣ አንድ ብር ሲጎድል መጀመሪያ የሚጠየቀው ገንዘብ ያዡ ነው። የእኛ ገንዘብ ያዥ አስራ አንድ ዓመት ያለ ደመወዝ ያገለገሉ እናት ናቸው። ያኔ ስማቸው ላይ ጥላ ሊያርፍ ሲል በቅርብ ስላየሁ ነው ጉዳዩን ከነዝርዝሩ የምጽፈው። የሰዎቹንም የባንኩንም ስም ትቼዋለሁ።

## የነገሩ አመጣጥ

እድሩ 180 ገደማ አባላት አሉት። ገንዘቡ በከተማው ባለ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ በእድሩ ስም ተቀምጧል። ሂሳቡ የሚንቀሳቀሰው በጣምራ ፊርማ ነው፤ ከሰብሳቢው፣ ከጸሐፊውና ከገንዘብ ያዥዋ ቢያንስ ሁለቱ ካልፈረሙ ምንም አይወጣም።

የጅማን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የቀድሞው ድንኳናችን ስለሚያፈስ ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው እየተነሳ ቦታ ይቀይር ነበር። ጠቅላላ ጉባኤው አዲስ ድንኳንና ወንበሮች በ85,000 ብር እንዲገዙ ወሰነ። ሻጩ ክፍያውን በሲፒኦ፣ ማለትም ባንኩ ራሱ በተከፋዩ ስም በሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ ጠየቀ።

ሰኔ 17 ቀን ጠዋት ገንዘብ ያዥዋና ጸሐፊው ባንክ ሄደው የሲፒኦ መጠየቂያ ቅጹን ሞሉ፣ ፈረሙ፣ የቅጹን ቅጂ ተቀበሉ። የአገልግሎት ክፍያው ከነታክሱ 230 ብር እንደሆነ ተነገራቸው። ሲፒኦውን ይዘው ሻጩ ጋ ሲደርሱ ሰውዬው አገላብጦ አየውና መለሰላቸው። የንግድ ድርጅቱ ስም የሚያበቃው «እና ልጆቹ» በሚል ሲሆን፣ ሲፒኦው ላይ ይህ ቀርቶ ነበር። «እትዬ፣ ይሄ በዚህ ስም ወደ ሂሳቤ አይገባልኝም» አላቸው። ለራሱ ማስታወሻ እንዲሆነው በስልኩ ፎቶ አነሳው። ይህቺ ፎቶ በኋላ ትልቅ ጥቅም ሰጥታናለች።

ከሰዓት በኋላ ባንክ ተመልሰው ሄዱ። ሠራተኛዋ የመጀመሪያውን ሲፒኦ ተቀብላ ሰረዘችና ስሙ የተስተካከለ ሌላ ሲፒኦ አዘጋጀች። ስለ ተጨማሪ ክፍያ የተነገረ ነገር አልነበረም። ገንዘብ ያዥዋም መዝገባቸው ላይ 85,000 ብርና 230 ብር ወጪ ብለው ጻፉ፤ ድንኳኑ መጣ፤ ነገሩ አለቀ ተባለ።

## ችግሩ እንዴት ታየ

ሐምሌ 1 ቀን ለኦዲት ብለን የዓመቱን ስቴትመንት አስወጣን። በእድሩ መዝገብ ሰኔ 30 ላይ ያለው ቀሪ ሂሳብ 64,310 ብር ነው። ስቴትመንቱ የሚያሳየው ግን 63,735 ብር ነው። ልዩነቱ 575 ብር።

ኮሚቴው ውስጥ ከነበርነው አንዱ «ገንዘብ ያዥዋ ያልመዘገቧት ወጪ ትኖር ይሆናል» አለ። በክፋት አልነበረም፤ እሳቸው ግን ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። መዝገባቸውን ከፍተው ገጹን በጣታቸው እየተከተሉ ሁለት ጊዜ ደመሩት። ድምሩ ትክክል ነበር።

ከዚያ ስቴትመንቱን መስመር በመስመር ወረድንበት። 24/06/2025 በሚል ቀን ስር፣ ከ85,000ዎቹ እንቅስቃሴዎች ጎን፣ ስድስት ትናንሽ ቅናሾች ተደርድረዋል፦ 200፣ 30፣ 300፣ 45፣ 200፣ 30። ማብራሪያቸው አህጽሮት ነው፤ የ300ው መስመር `CPO CANC CHG` ይላል፤ የሲፒኦ መሰረዣ ክፍያ ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ክፍያ ቀጥሎ ያለው ትንሽ ቁጥር የክፍያው 15 በመቶ ነው፤ ተጨማሪ እሴት ታክስ። በአንድ ቀን የተቆረጠው ጠቅላላ የአገልግሎት ክፍያ 805 ብር ሆነ። የምናውቀው 230 ብሩን ብቻ ነው፤ የቀረው 575 ብር ልዩነታችን ራሱ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር ነበር። 805ቱ ሁሉ ያለአግባብ የተቆረጠ አይደለም። አንድ ሲፒኦ ተሠርቶልን ተጠቅመንበታል፤ የእሱን 230 ብር መክፈል ተገቢ ነው። የምንከራከረው በመሰረዣው 345 ብርና በሁለተኛው ማዘጋጃ 230 ብር ላይ ነው። ይህን ልዩነት ያኔውኑ ወረቀት ላይ አላሰፈርነውም፤ ዋጋም አስከፈለን።

## ያልሠራው የመጀመሪያ ደብዳቤ

ሐምሌ 2 ቀን ሰብሳቢያችን ቶሎ እንዲያልቅ ብለው አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄዱ። ጸሐፊው በልምዱ አንድ ገጽ ተኩል ጻፈላቸው። ደብዳቤው በድሆች እድር ላይ ስለደረሰ ከባድ በደል፣ ስለ ሕግ፣ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝም ስለሚወሰድ እርምጃ ይናገራል። ስለ ክፍያው ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ በ17/10/2017 ከሂሳባችን ያለአግባብ የተቆረጠ 805 ብር ይመለስልን።

ሰብሳቢው ብቻቸውን ፈርመው አስገቡ። ለአምስት ቀን መልስ ጠፋ። እኔ ራሴ ሄጄ ስጠይቅ ሠራተኛዋ በትሕትና ያስረዳችኝ ሦስት ነገር ነው።

አንደኛው ቀኑ ነው። 17/10/2017 ለእኛ ሰኔ 17 ነው፤ ሰኔ አሥረኛ ወር ነውና። የባንኩ ሲስተም ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሠራ፣ ደብዳቤውን የተቀበለው ሰው እንዳለ አስገብቶ የፈለገው የኦክቶበር 17 ቀን 2017ን እንቅስቃሴ ነበር። የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ! እዚያ ቀን ላይ ምንም ስላላገኘ ደብዳቤውን ወደ ጎን አኖረው። ሁለተኛው መጠኑ ነው፤ 805 የሚባል መስመር ስቴትመንቱ ላይ የለም፤ ያሉት ስድስት መስመሮች ናቸው። ሦስተኛው ፊርማው ነው። ሂሳቡ የጣምራ ፊርማ ሆኖ ሳለ በአንድ ሰው ፊርማ የመጣን ጥያቄ ባንኩ ካለው የፊርማ ናሙና ጋር አመሳክሮ ሊያስተናግደው አይችልም። ይህ የባንኩ ግትርነት አይደለም፤ ነገ ማንም ተነስቶ በእድሩ ስም እንዳይጽፍ የሚጠብቀን እኛኑ ነው።

የቀረ አንድ ነገር ደግሞ ራሴ አየሁ። እኛ ጋ ያለው የደብዳቤው ቅጂ ላይ የባንኩ የገቢ ማህተም አልነበረም። ደብዳቤው ጠፋ ቢሉን ማስገባታችንን የምናሳይበት የለንም።

## ማስረጃ ማሰባሰብ

ሁለተኛውን ከመጻፋችን በፊት የስህተቱ ባለቤት ማን እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት ፈለግን። ጥያቄው አንድ ነው፦ «እና ልጆቹ» የቀረው በእኛ ቅጽ ላይ ነው ወይስ በባንኩ ህትመት ላይ? በቅጹ ላይ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ መሰረዣውን መክፈል የእኛ ዕዳ ነበር፤ ደብዳቤ መጻፍም አያስፈልግም ነበር።

ገንዘብ ያዥዋ ቁልፍ ያላትን የቆርቆሮ ሳጥናቸውን አምጥተው ከፈቱ። የቅጹ ቅጂ ከድንኳኑ ደረሰኝ ኋላ በስፒል ተያይዞ ተገኘ። ቅጂው ደብዘዝ ቢልም የጸሐፊያችን እጅ ጽሑፍ ይነበባል፤ «እና ልጆቹ» ስላልበቃው ከመስመሩ ጫፍ ወደ ታች ታጥፎ ተጽፏል። ምናልባትም ሠራተኛዋን ያመለጣት በዚህ ይሆናል። ቢሆንም ተጽፏል። ሻጩም የመጀመሪያውን ሲፒኦ ፎቶ በቴሌግራም ላከልን። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

## የሠራው ደብዳቤ

ሐምሌ 9 ቀን ያስገባነው ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አያልፍም። ለሌሎች እድሮች እንዲያገለግል ስሞችንና ቁጥሮችን አውጥቼ እንዳለ አስቀምጠዋለሁ።

ቀን፦ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቁጥር፦ ...

ለ... ባንክ ... ቅርንጫፍ
ጅማ

ጉዳዩ፦ ያለአግባብ የተቆረጠ የአገልግሎት ክፍያ እንዲመለስና የተስተካከለ የሂሳብ መግለጫ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

እድራችን በቅርንጫፋችሁ የሂሳብ ቁጥር ... ያለው ደንበኛ ነው። ሰኔ 17 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 24/06/2025) ለድንኳን ግዢ የ85,000 ብር ሲፒኦ ጠይቀን ነበር። በመጠየቂያ ቅጹ ላይ የተከፋዩን ስም በሙሉ የጻፍን ሲሆን፣ በታተመው ሲፒኦ ቁጥር ... ላይ ግን የስሙ መጨረሻ ቀርቷል። በዚህ ምክንያት ሲፒኦው በዕለቱ ተመልሶ ተሰርዟል፤ በምትኩም ሲፒኦ ቁጥር ... ተሰጥቶናል።

ለመጀመሪያው ሲፒኦ የተቆረጠውን 200 ብርና የታክሱን 30 ብር አንቃወምም። የሚከተሉት አራት ቅናሾች ግን ከእኛ ባልሆነ ስህተት የመጡ ስለሆኑ እንዲመለሱልን እንጠይቃለን፦

1. የሲፒኦ መሰረዣ ክፍያ፣ ሪፈረንስ ቁጥር ...፣ 300.00 ብር
2. የዚሁ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ሪፈረንስ ቁጥር ...፣ 45.00 ብር
3. የሁለተኛው ሲፒኦ ማዘጋጃ ክፍያ፣ ሪፈረንስ ቁጥር ...፣ 200.00 ብር
4. የዚሁ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ሪፈረንስ ቁጥር ...፣ 30.00 ብር

ድምር 575.00 ብር።

ገንዘቡ ሲመለስ ማስተካከያውን የሚያሳይ የሂሳብ መግለጫ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። እድሩ ሐምሌ 27 ቀን ጠቅላላ ጉባኤ ስላለው ከዚያ በፊት መልሱ ቢደርሰን እናመሰግናለን። ጥያቄያችን ተቀባይነት የማያገኝ ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

(የሰብሳቢውና የገንዘብ ያዥዋ ስምና ፊርማ፣ የእድሩ ማህተም)

አባሪ፦ የመጠየቂያ ቅጽ ቅጂ፣ የተሰረዘው ሲፒኦ ፎቶ፣ መስመሮቹ የተሰመረባቸው ስቴትመንት፤ በድምሩ 3 ገጽ

ሁለት ቅጂ አዘጋጅተን፣ አንዱን አስገብተን፣ በሁለተኛው ላይ የገቢ ማህተም፣ ቀንና ቁጥር አስመታን። «እንጠይቃለን» ካልነው ይልቅ «አንቃወምም» ያልናት ዓረፍተ ነገር ብዙ የረዳችን ይመስለኛል። ደብዳቤውን ያነበበው ኃላፊ መጀመሪያ የተናገረው ስለ እሷ ነበር፦ የራሳችሁን ለይታችኋል።

## ገንዘቡ ተመለሰ፣ ስቴትመንቱ ግን አልተለወጠም

ሐምሌ 16 ቀን 500 ብር ተመለሰ የሚል አጭር መልእክት ደረሰን። ገንዘብ ያዥዋ ደስ ብሏቸው በማግስቱ የሰኔን ስቴትመንት እንደገና አስወጡ። ወረቀቱን ይዘው እቤት ድረስ መጡ። ስድስቱም መስመሮች እንደነበሩ ናቸው፤ የሰኔ 30 ቀሪ ሂሳብም ያው 63,735 ብር ነው። «ልጄ፣ አታለሉኝ እንዴ?» አሉኝ።

የተሳሳትነው እኛ ነበርን፤ «የተስተካከለ መግለጫ» ስንል የሰኔው ወረቀት ተለውጦ ይመጣል ብለን አስበን ነበር። የባንክ አሠራር ይህን አይፈቅድም። አንድ ጊዜ የተመዘገበ እንቅስቃሴ አይፋቅም፤ ስህተት የሚታረመው በታረመበት ቀን በሚመዘገብ ተቃራኒ እንቅስቃሴ ነው። የባንክ ሠራተኞች ሪቨርስ ማድረግ የሚሉት ይህንኑ ነው። ክፍያው ሰኔ 17 ወጥቷል፣ ተመላሹ ሐምሌ 16 ገብቷል፤ ሁለቱም እውነት ስለሆኑ ሁለቱም ይቆያሉ። ባንኩ የሰኔን ወረቀት ቢፍቅልን ኖሮ፣ የነገ ስቴትመንታችንን ማንም አያምነውም ነበር።

ለእኛ ይህ ችግር የፈጠረው በመሃል ሰኔ 30 ስላለ ነው። የእድሩ ዓመት ሰኔ 30 (በፈረንጁ ጁላይ 7) ይዘጋል፤ ተመላሹ የገባው ደግሞ በአዲሱ ዓመት ነው። አባላት ፊት የሚነበበው የሰኔ 30 ሂሳብ ስለሆነ፣ የሰኔው ወረቀት ብቻውን ከተነበበ 575 ብሩ አሁንም የጎደለ ይመስላል።

ስለዚህ ጥያቄያችንን አስተካከልን። የሰኔው ወረቀት ይለወጥ ማለቱን ትተን ሁለት ነገር ጠየቅን። አንደኛ፣ ከሰኔ 1 ጀምሮ ተመላሹ እስከገባበት ቀን የሚደርስ አንድ ወጥ ስቴትመንት፤ ቅናሹና ተመላሹ በአንድ ወረቀት ላይ እንዲታዩ። ሁለተኛ፣ የሰኔ 17ቱ ክፍያ በቅርንጫፉ ስህተት የተቆረጠ መሆኑንና በየትኛው ቀንና ሪፈረንስ ቁጥር እንደተመለሰ የሚገልጽ፣ ማህተም ያለው የማረጋገጫ ደብዳቤ።

ያን ጊዜ ነው 75 ብር መቅረቱንም ያየነው። የተመለሰው 300ው እና 200ው ነበር፤ 45ቱና 30ው ቀርተዋል። ታክሱ በባንኩ የአገልግሎት ገቢ ውስጥ አይገባም፤ ለመንግሥት እስኪተላለፍ ለብቻው ሂሳብ ይቀመጣል። ስለዚህ ክፍያው ሲመለስ እሱ አብሮ ካልተመለሰ እዚያው ይቀራል። ደብዳቤያችን ላይ ተራ ቁጥር 2 እና 4 ሆነው ለየብቻ ስለተጻፉ ክርክር አልነበረም፤ ጣታችንን አስቀምጠን አሳየን። ሐምሌ 24 ቀን 75 ብሩ ገባ፤ በማግስቱ የማረጋገጫ ደብዳቤውና ስቴትመንቱ ተሰጠን።

## መዝገቡ እንዴት ተዘጋ

ሐምሌ 27 እሑድ፣ ለጉባኤው የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያውን እንዲህ አድርጌ አዘጋጀሁ። በስቴትመንቱ መሠረት ሰኔ 30 ላይ ያለው 63,735 ብር፤ ሲደመር በስህተት ተቆርጦ ከባንኩ የሚፈለግ 575 ብር፤ ውጤቱ 64,310 ብር፤ ይህም ከእድሩ መዝገብ ጋር እኩል ነው። ከስሩ 575ቱ በሐምሌ 16 (500 ብር) እና በሐምሌ 24 (75 ብር) መግባቱን ጽፌ የባንኩን ደብዳቤ አያያዝኩ። የገንዘብ ያዥዋ መዝገብ ላይ አንድም ቁጥር አልተነካም፤ ከመጀመሪያውም ትክክል ነበርና።

## ያልተሳካልን

ለተመላለስንበት የባጃጅ ወጪ እንዲከፈለን ሰብሳቢው በቃል ጠይቀው ነበር፤ አልተቀበሏቸውም። እኔም ያን ጥያቄ ከደብዳቤው ውስጥ ያወጣሁት ሆን ብዬ ነው፤ የማያጠራጥረውን ከሚያከራክረው ጋር ሲያስሩት ሁለቱም ይዘገያሉ። ጊዜውም ከጠበቅነው በላይ ወሰደ። የመጀመሪያው ደብዳቤ በትክክል ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንድ ሳምንት ባተረፍን።

ቅርንጫፉ እምቢ ቢለን ኖሮ ቀጣዩ እርምጃ የባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት የደንበኞች ቅሬታ ክፍል፣ ከዚያም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነበር። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ባንኮች የቅሬታ አቀባበል ሥርዓት እንዲኖራቸው ያስገድዳል። እዚያ ድረስ ለመሄድ የሚያስፈልገው ግን ያው ማህተም ያለበት ቅጂና የጽሑፍ መልስ ነው፤ በቃል ብቻ ተነጋግሮ የሄደ ሰው የሚያቀርበው የለውም።

## ለሌላ እድርና ማኅበር የሚሆን

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ክፍያውን ከነስህተቱ መንስኤ ማወቅ ነው። ተቆረጠብን ማለት ብቻውን ቅሬታ እንጂ ጥያቄ አይሆንም፤ የባንኩ ሠራተኛ የሚያርመው የትኛው መስመር እንደሆነና ለምን እንደሚታረም ሲያይ ነው። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ የሪፈረንስ ቁጥሩን ከስቴትመንቱ ላይ እንዳለ ገልብጡ፤ ታክሱን ለብቻው መስመር ስጡት፤ የሚገባችሁን ክፍያ አምናችሁ ለዩ። የሂሳቡ ፈራሚዎች እነማን እንደሆኑ ደብዳቤውን የሚፈርሙትም እነሱ ይሁኑ።

መግለጫ ስትጠይቁ ደግሞ የምትፈልጉት ምን እንደሆነ ግለጹ። ኦዲት ካለባችሁ ተመላሹን የሚያጠቃልል ስቴትመንትና የማረጋገጫ ደብዳቤ በሉ። ሲፒኦ ስትቀበሉ ከመስኮቱ ሳትርቁ የተከፋዩን ስም ከቅጹ ቅጂ ጋር ቃል በቃል አስተያዩ፤ ስህተት ካለም እዚያው አሳዩና መሰረዣው ክፍያ ይኖረው እንደሆነ ጠይቁ።

በጉባኤው ላይ ማስታረቂያው ከተነበበ በኋላ የባንኩ ደብዳቤ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ገንዘብ ያዥዋ ወረቀቱ ተመልሶ ሲደርሳቸው ከቅጹ ቅጂና ከድንኳኑ ደረሰኝ ጋር በስፒል አያይዘው ሳጥናቸው ውስጥ አስቀመጡት፤ ቁልፉንም አዞሩ።